ወሊማው ካለቀ በኋላ የሚጀምረው ዕዳ

ዛሬ ስለ ሠርግ ወጪ ልጽፍላችሁ ነው። ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ የራሴን ልናገር። እኔ ያገባሁት ተበድሬ ነው። ገንዘቡን የሰጠኝ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ወለድ የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ቀርደል ሐሰን ነበር። 65,000 ብር። በዚያን ጊዜ ሐራም እስካልነካሁ ድረስ ችግር የለውም ብዬ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ግን ያ ዘመዴ ቤቴ ሲመጣ ልቤ ይደነግጥ ጀመር። እሱ ሰላም ሊለኝ ነው የመጣው፣ እኔ ግን ገንዘቡን የጠየቀኝ ይመስለኛል። በመጨረሻ የምሠራበትን ሞተር ሳይክል ሸጬ ከፈልኩት። ሞተሩ እንጀራዬ ነበር። አንድ ቀን ለተበላ ምሳ እንጀራዬን ሸጥኩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ከባለቤቴ ጋር የተጨቃጨቅነው ሁሉ፣ ሥሩ ቢቆፈር ያ 65,000 ብር ነው።

ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ እዚህ ገረሴ ላይ ሊያገባ ሲነሳ "ሳንቲም አትበደርም" ብዬ ያዝኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ሳይበደር አገባ። እንዴት እንደሆነ በቁጥር ልንገራችሁ። ብሩ የኛ ነው፣ የናንተ ከተማ ገበያ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ አካሄዱን ያዙ።

ወንድሜ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለው። ከወጪ ተርፎ በወር 6,000 ብር እያስቀመጠ በ13 ወር 78,000 ብር አጠራቀመ። ሳዑዲ ያለችው እህታችን 30,000 ብር ላከችለት። አንድ አጎታችን ደግሞ "20,000 እኔ አለሁበት" ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ክርክራችን እዚህ ላይ ተነሳ። ወንድሜ 128,000 አለኝ ብሎ ማቀድ ጀመረ። እኔ "የለህም፣ ያለህ 108,000 ነው" አልኩት። ቃል የተገባ ገንዘብ እጅ እስኪገባ ድረስ አይቆጠርም። አጎታችን ሰው ለማታለል አይደለም የተናገረው፤ ደጋ ያለው ገብሱ ሲሸጥ ሊሰጥ ነው ያሰበው። ገብሱ ባይሸጥስ? ሠርግ ላይ ብዙ ሰው ዕዳ ውስጥ የሚገባው ልበደር ብሎ አስቦ አይደለም። ይመጣል ያለው ሳይመጣ ይቀራል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ እንግዳው ተጠርቷል፣ ያን ጊዜ ወደ ባለሱቅ ይሮጣል።

የሰጦታ ገንዘብም እንደዚሁ ነው። "ሠርጉ ራሱን ይሸፍናል፣ ሰው ያመጣል" የሚሉ አሉ። የሚመጣው ገንዘብ በደብተር ተጽፎ የሚመጣ ነው። እገሌ 500፣ እገሊት 300 ተብሎ ይመዘገባል፣ ነገ የእነሱ ልጅ ሲዳር ይመለሳል። ይህ መተጋገዝ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከራስ ገንዘብ ጋር አይደመርም።

እንግዲህ 108,000 ብሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው ከዚህ በኋላ ባለው ቅደም ተከተል ነው። እንግዳ እንቆጥራለን፣ ለእንግዳው የሚያስፈልገውን እናሰላለን፣ ከዚያ የጎደለውን ገንዘብ ፍለጋ እንወጣለን። እኛ ገለበጥነው። ከሁሉ በፊት የእሷን ሐቅ አወጣን፣ ቀጥሎ የሚኖሩበትን ቤት፣ ከዚያ ልብስ። እነዚህ ወጥተው የተረፈው ምግብ ይሆናል። ምግቡ ስንት ሰው እንደሚጠራ ይወስናል እንጂ የተጠራው ሰው ምግቡን አይወስንም።

መህሩ 20,000 ብር ሆነ፣ ኒካሑ ላይ በእጇ የሚሰጥ። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አልተገኘም። የልጅቱ ወገን መጀመሪያ "ወረቀት ላይ 100,000 ይጻፍ፣ 20,000 አሁን ይሰጥ፣ ሌላው ይቆይ" አሉ። ክፋት የለበትም፣ ለልጃቸው ዋስትና ፈልገው ነው። መህርን ከፍሎ ማዘግየትም በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው። ግን ወጣቶች ይህን ልብ በሉ፤ የዘገየ መህር ዕዳ ነው። ወረቀት ላይ ለክብር ተብሎ የተጻፈው 80,000 ብር አንገት ላይ ያለ ዕዳ ነው፣ ባልየው ቢሞት ከውርስ በፊት የሚከፈል ነው። ሳልበደር አገባሁ የሚል ሰው 80,000 ብር ለገዛ ሚስቱ ተበድሮ ሊሆን ይችላል፣ ሳያውቀው። መክፈል የምትችል ከሆነና ቀኑ ከታወቀ ጻፍ። ለይስሙላ ከሆነ አትጻፍ። እኛ ይህንኑ በአክብሮት አስረዳናቸው፣ ኢማማችንም አብረው ነበሩ። ዐሊይ (ረ.ዐ) ፋጢማን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ለመህር የሰጡት ጥሩራቸውን እንደነበር፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምንም የሌለውን ሰው የብረት ቀለበት እንኳ ፈልግ እንዳሉት፣ እሱንም ሲያጣ በሚያውቀው ቁርኣን እንደዳሩት አስታወሷቸው። የሷ አባት ትንሽ ዝም አሉና "እንግዲያው የምትሰጡትን አሁን ስጡ" አሉ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። መህር የልጅቱ ነው። የአባቷ አይደለም፣ የመልስ ድግስ መደገሻም አይደለም። ብዙ ቦታ መህሩ ከወንዱ ወጥቶ ሴቷ እጅ ሳይደርስ ሩዝና ዘይት ሆኖ ያልቃል። የዚህች ልጅ 20,000 ብር ዛሬም በስሟ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ውስጥ አለ።

ለቤቱ የሦስት ወር ኪራይ ቀድሞ፣ አልጋ፣ ፍራሽ፣ የምግብ ማብሰያና ዕቃ፣ ሁሉም 36,000 ብር ወጣበት። ለሁለቱም ልብስ 14,000። የሱን ልብስ ራሱ ስለሰፋው ነው እንጂ ይበልጥ ነበር። ተደምሮ 70,000 ብር ወጣ። 38,000 ቀረ። ከዚህ ላይ 8,000 ብር "የማይነካ" ብለን ለእናታችን ሰጠናት። ለምን ለሷ? ሠርግ ሲቀርብ ሙሽራው አእምሮው አይሠራም፣ የጠየቀውን ሁሉ ይሰጣል። ከእናት እጅ ግን ገንዘብ በቀላሉ አይወጣም።

ለምግብ የቀረው 30,000 ብር ነው።

እናትና አክስቶቼ ያዘጋጁት ስም ዝርዝር ግን 340 ሰው ነበር።

ስም በስም መቀነስ አይቻልም፣ ሞክረነዋል። "እገሌን ተው" ስትል "እንዴት! አባትህ ሲታመም ማን ደረሰ?" ይመጣል። እያንዳንዱ ስም ታሪክ አለው፣ ሁሉም ታሪክ እውነት ነው። ስለዚህ በደንብ ቀነስን። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው። ሙሽሮቹ የማያውቁት የሥራ ባልደረባ የለም። በዚህ 280 ደረሰ። 280 ሰው ለ30,000 ብር ሲካፈል ለአንድ ሰው 107 ብር ነው። በዚህ ምሳ አይበላም። የኛ ስሌት፣ ሥጋው ከቤት ከሚመጣ በግ ቢሆንም፣ ለሩዙ፣ ለእንጀራው፣ ለዘይቱ፣ ለሽንኩርቱ፣ ለለስላሳው፣ ለእንጨቱ ለአንድ ሰው 250 ብር ነበር። ሁለት መንገድ ነው ያለው። ወይ 160 ሰው ቆርጠህ ትጥላለህ፣ ወይ ሁሉም ምሳ መብላት አለበት የሚለውን ሐሳብ ትተዋለህ።

እዚህ ላይ ያዳነን የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነው። ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ በአንዲት በግ እንኳ ቢሆን ወሊማ አድርግ እንዳሏቸው ሁላችንም እንሰማለን። የሶፊያን (ረ.ዐ) ወሊማ ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ከኸይበር ሲመለሱ መንገድ ላይ የተደረገ ነው። ቆዳ ተነጠፈ፣ ሶሓቦች ያላቸውን አመጡ፣ አንዱ ቴምር፣ አንዱ የደረቀ እርጎ፣ አንዱ ቅቤ። ተደባለቀና ተበላ። ሥጋም ዳቦም አልነበረበትም። የሰው ልጅ ምርጥ የሆኑት የደገሱት ወሊማ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት "ታዲያ እኛ ከማን በልጠን ነው" አለች። ከዚያን ቀን በኋላ ሥራው ቀለለ።

ስለዚህ ለሁለት ከፈልነው። ኒካሑ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ ውስጥ ሆነ፣ 190 ሰው ቴምር፣ ሻይና አምባሻ ቀርቦለት ዱዓ አድርጎ ሄደ። ለአንድ ሰው 35 ብር፣ 6,650 ብር። በማግስቱ ቤት ውስጥ 90 ሰው ምሳ በላ፣ በ250 ብር ስሌት 22,500። ሁለቱ ተደምረው 29,150። ምሳው ላይ ማን ይጠራል የሚለውን ስንወስን ደግሞ ከሰፈር አቅም የሌላቸውን ቤቶች ቀድመን ጻፍን። ሀብታም ተጠርቶ ድሃ የቀረበት ወሊማ መጥፎ ምግብ እንደሆነ በሐዲስ ተነግሮናል። ቁጥር ሲቀንስ ከሁሉ በፊት የሚወጡት ድሆች ናቸው፣ ይህን ራሴ አይቻለሁ።

በጎቹ ሦስት ነበሩ። ሁለት ከአባታችን፣ አንድ ከዚያው ቃል ከገባው አጎታችን፤ ብሩ አልሞላለትም፣ በጉን ግን ነድቶ አመጣ። እንግዲህ እንደኛ ባለ ከተማ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፣ ጎረቤቱ አብዛኛው ክርስቲያን ነው። ሠርግ ላይ እነሱ የኛን እርድ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን። ስለዚህ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ወጥ ቤት ይሆናል። ወጪው ሳይታሰብ እጥፍ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። እኛ አንዱን በግ ከነነፍሱ ለጎረቤታችን ለእማማ ቤት ሰጠን። አርደው፣ ሠርተው፣ የክርስቲያን እንግዶቻችንን እሳቸው ቤት ተቀብለው አበሉልን። እንጨቱን እንኳ ከራሳቸው አደረጉት። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳህኑ ከእድር ነው የመጣው። አባታችን ለዓመታት የከፈለበት እድር ነው። እድራችሁ ለሠርግ ምን እንደሚሰጥ ሳትጠይቁ ከአርባ ምንጭ ዕቃ አትከራዩ።

ጊዜውም ገንዘብ ነው። መጀመሪያ መስከረም ላይ ይሁን ተብሎ ነበር። በጋሞ መስከረም ማለት መስቀል ማለት ነው። ሰው ከዓመት ጀምሮ በቡድን ያጠራቀመውን ይዞ በሬ ይገዛል፣ ቅቤ ይገዛል፣ ገበያው እሳት ይሆናል። ዐረፋ ሲቃረብም በግና በሬው እንዲሁ ይወደዳል። ወደ ኅዳር ገፋነው። በነገራችን ላይ ያን የመስቀል በሬ ነገር በደንብ ብናየው ለኛ ትምህርት አለው። ጎረቤቶቻችን ለአንድ ቀን በዓል ዓመቱን ሙሉ ቀድመው እየከፈሉ ይቆያሉ። ሥጋው ሲበላ ገንዘቡ ተከፍሎ አልቋል። እኛ ወጣቶች ደግሞ በልተን እንጨርስና መክፈል እንጀምራለን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፣ ቤተሰብ። ሒሳቡ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፣ ቤተሰብ ማሳመኑ ግን ሁለት ወር ፈጀ።

መጀመሪያ የተማርነው ነገር ገደቡን ልጁ መናገር እንደሌለበት ነው። ሙሽራው "ይህን ያህል ብቻ ነው ያለኝ" ሲል አክስቶች "ምስኪን፣ እኛ እንረዳዋለን" ይላሉ፣ ከዚያ የሚረዱት በሐሳብ ይሆናል። አባት ሲናገር ግን ገደብ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን ይዘን ቀድመን ለአባታችን ብቻ አሳየን። አባቴ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ አንብበው "ይህ 38,000 ሲያልቅስ?" አሉ። "ያልቃል፣ ሌላ የለም" አልናቸው። "እንግዲያው እኔ ነኝ የምናገረው" አሉ።

የሽማግሌ ቃል በዚህ አገር ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁት ነው። በመስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት ሲወጣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ነው የመለሱት። መሣሪያ አልነበራቸውም። ያንን ክብር እቤታችን ውስጥ ትተን በ25 ዓመት ልጅ አፍ ስለ ገንዘብ ስናስነግር ነው የማንሰማው።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ገደብ ማንሳት ጠብ ነው፤ የልጅቱ ወገን ሐሳባችሁን ቀየራችሁ ይላል። አባቴ የተናገሩት ቀን ከመቆረጡ በፊት፣ የሁለቱ ወገን ትልልቆች ባሉበት ነው። ልጅቱም ለወሊይዋ፣ ለአባቷ፣ ቀድማ ራሷ ነግራው ነበር። እሷ ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ "ልጃችንን አሳንሰው ነው" ይባል ነበር። እህቶቼ፣ እዚህ ላይ የናንተ አንድ ቃል ከወንዱ አሥር ቃል ይበልጣል።

ሦስተኛው የአባቴ ደንብ ነው፣ እኔ አላሰብኩትም። "መጨመር የሚፈልግ ይጨምር፤ ነገር ግን የሚጨምረውን እስከ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ድረስ በእጅ ያምጣ" አሉ። አንዷ አክስቴ የቪዲዮ ባለሙያ ከአርባ ምንጭ ይምጣ፣ ሚዜዎች አንድ ዓይነት ሱፍ ይልበሱ ብላ ነበር። ማንም አይሆንም አላላትም። ሁለት ሳምንቱ ሲደርስ ቪዲዮውን ራሷ ተወችው። የመኪና አጀቡም እንዲሁ ቀረ። አንድ አጎት ግን ለስላሳውን በሙሉ ከፈለ፣ አላህ ይጨምርለት። እምቢ ተብሎ የተጣላ ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም እምቢ የተባለ ሰው የለም።

የጓደኞቹም ግፊት ነበር። አንዱ "በስልክህ በደቂቃ ይሰጡሃል" አለው። እውነት ነው፣ ከ2014 ዓ.ል መጨረሻ ጀምሮ በቴሌብር ብድር አለ፣ የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ያ ክፍያ በሸሪዓ ምን እንደሚባል ዑለማዎቻችንን ጠይቁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለአስቸኳይ ሕመም የሚበደር ሰው ይገባኛል። ለሱፍ ኮት የሚበደር ሰው ግን የሚበደረው ከሚስቱ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ነው።

ከሁሉ የከበደችኝ እናቴ ነበረች፣ እውነቱን ልናገር። ሌላው ሰው የሚፈልገው ታይታ ነው ብዬ ልከራከር እችላለሁ። የእናቴ ግን ታይታ አልነበረም። "ልጄ፣ እኔ 25 ዓመት የሰው ሠርግ በልቻለሁ። ለሠርጋቸው እንጀራ ጋግሬ፣ ውሃ ቀድቼ፣ አብሬ በልቻለሁ። አሁን የኔ ሲሆን ቴምር ሰጥቼ ልሸኛቸው ነው? አንተ አልበደርም ትላለህ፣ እኔ ግን ተበድሬ የኖርኩ ነኝ" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ልክ ናት። ውለታ ዕዳ ነው፣ የኛ ሰው በገንዘብ ብቻ አይደለም የሚተሳሰበው።

በመጨረሻ ያገኘነው መንገድ ይህ ነው። ውለታው ይመለሳል፣ ግን በአንድ ቀን አይመለስም። እናቴ የከበዱባትን ቤቶች ቆጠረች፣ 31 ሆኑ። ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮቹ ራሳቸው በየሳምንቱ ጁሙዓ ሁለት ቤት እየሄዱ፣ እናቴ የሠራችውን ገንፎ ወይም ዶሮ ይዘው ይዘይሩ ተባለ። አራት ወር ሊፈጅ ነው፤ ይፍጅ። ወጪው ከወር ወር ከቤት አስቤዛ ላይ ይወጣል። እንደኔ ከሆነ ከምሳው ይህ ይበልጣል። ሠርግ ላይ የሙሽራዋን ፊት በሩቅ ያዩ ሴቶች እቤታቸው ቁጭ ብላ ቡና ስትጠጣ አገኟት።

ሁሉም ሰው ደስ አለው አልላችሁም። ከአባቴ ወገን አንድ የሩቅ ዘመድ ምሳው ላይ ስላልተጠራ እስከ ዛሬ አኩርፏል። የመስጂዱን ጥሪ "የልጆች ግብዣ" ብሎ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከንበታል። ከኩርፊያውና ከዕዳው የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኩርፊያው ይሻላል እላለሁ፤ ኩርፊያ በዒድ ቀን ሊበርድ ይችላል።

አንድ ስህተትም ሠርተናል። ዝናብ አላሰብንም። ኅዳር ነው፣ አይዘንብም ብለን ነበር። የምሳው ቀን ጠዋት ዘነበ፣ የእድሩ ድንኳን አንድ ጎኑ ያፈስ ነበር፣ ሸራ ተከራይተን እንጨቱም ስለረጠበ ከሰል ገዛን። 4,600 ብር ከማይነካው ወጣ። እናቴ ስትሰጠኝ ሁለት ጊዜ ቆጥራ ነው የሰጠችኝ።

የተረፈው 3,400 ብርና ከምግቡ የቀረው 850 ብር፣ በድምሩ 4,250 ብር፣ ሠርጉ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ለወንድሜ ተመለሰለት። ለስፌት ማሽኑ አዲስ ሞተር ሊገዛ ፈልጎ ነበር፣ አልበቃውም። አሁን ሚስቱ ጋር ሆነው ለሱ እያጠራቀሙ ነው።